ቤት ለመምታት ሲባል ቃል ይጎተት? ከባሕር ዳር የተነሣ ክርክር

የጣና ዳሯ፦ ለትዝታ ቅኝት ግጥም እየጻፍኩ ነው። መጀመሪያ እንዲህ ነበር፦

ማታ ማታ ሲነፍስ የጣና ነፋሱ
ትዝ ይለኛል ታንኳህ የደንገሉ ልብሱ

የምታዜመው ጓደኛዬ «‹ልብሱ› ተጎትቶ የመጣ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውን ስንኝ «አልተወኝም ዛሬም ደጅ ደጁን ማየቱ» ብዬ ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ቤቱ አልመታም ይሉኛል። የትኛውን ልያዝ?

የቅኔው ልጅ፦ እህቴ፣ «ሱ» ከ«ቱ» ጋር ቤት አይመታም። እኔ ያደግኩት እዚሁ ጎጃም ቅኔ ቤት ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ካልገጠመች መምህሩ አይቀበልም። አማርኛ እንደሆነ ለቤት ድሃ አይደለም። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ናፈቅከኝ፣ ራቅከኝ፣ ተውከኝ» ብትይ እስከ ነገ ይገጥምልሻል። ቤት ያጣ ሰው ስላልፈለገ ነው።

ዘጌ ማዶ፦ ስለ ግጥም አላውቅም፤ ስለ ታንኳ ግን ልናገር። ታንኳ የደንገል ልብስ የላትም፤ ራሷ ደንገል ናት። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ እየታሰረ ነው የምትሠራው። አባቴ ይህን ስንኝ ቢሰማ «ማን አለበሳት?» ይል ነበር። ደግሞም ታንኳን «እሷ» እንላለን፣ «ልብሱ» ከየት መጣ?

ክራር ደርዳሪው፦ ዘጌ ማዶ ሳያስበው ዋናውን ነገር ነካው። ለቤት ሲባል የገባ ቃል የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ትርጉሙም ይዛነፋል፣ ጾታውም ይሳሳታል። ስንኙን ያለ ዜማ፣ ለሰው እንደምታወሪ አድርገሽ በይው። «ዛሬም ደጅ ደጁን ማየት አልተወኝም» ብለሽ ለእናትሽ ልትነግሪያት ትችያለሽ፤ «የደንገሉ ልብሱ» ብለሽ ግን ለማንም አታወሪም።

የቅኔው ልጅ፣ ስለ ቅኔ ቤት ያልከውን አልነካም። የተጠየቀው ግን ስለሚዘፈን አማርኛ ነው። «ነፋስ» እና «ንጉሥ» ብትል «ስ» እና «ሥ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በአንተ ሚዛን ቤት መታ። ዘፋኟ መጨረሻውን ስትስበው ግን ሳድሷ አትሳብም፤ ድምፁ አንዱ ላይ «ፋ»ን፣ ሌላው ላይ «ጉ»ን ይዞ ይቆያል፣ ጆሮም አይቀበለውም። «ነፋሱ» እና «ማየቱ» ላይ ደግሞ የሚሳበው ያው «ኡ» ነው። «ስ» እና «ት» ሁለቱም ከጥርስ አካባቢ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ ልዩነታቸው ብልጭ ብሎ ያልፋል። «ቀለሙ» ብትል ኖሮ «ም» የከንፈር ስለሆነች ይርቅ ነበር።

«ናፈቅከኝ፣ ራቅከኝ፣ ተውከኝ» ያልከው ላይም የሚገጥመው ቅጥያው እንጂ ቃሉ አይደለም። ሁለቱን የሰማ አድማጭ ሦስተኛውን ቀድሞ ያውቀዋል።

የሰርግ ዘፋኟ፦ የእኔ ነገር ከዚህ ይለያል። ሰርግ ላይ ተቀባዮቹ የመጨረሻዋን ቃል ከእኔ እኩል ነው የሚሏት፤ ቤቱን ሰምተው ነው ቃሉን የሚገምቱት። አንዴ «ሙሽራዬ» ብዬ ጀምሬ «አበባዬ» ሲጠብቁ «የኔ ማሬ» የሚል አዲስ ነገር አመጣሁ። ግማሹ ዝም አለ፣ ግማሹ ሳቀ፣ ጭብጨባው ተበተነ። ከበሮው ፈጣን ስለሆነ «ዬ» እና «ሬ» አይሳቡም፣ አጭር ተመትተው ነው የሚያልቁት። ለእኔ ሙሉ ቤት ግዴታ ነው።

ክራር ደርዳሪው፦ ትክክል ነሽ። ያልኩት ለትዝታ እና እንደሱ ቀስ ብለው ለሚሳቡ ዜማዎች ነው። ከበሮ ሲፈጥን ተነባቢው ከምቱ እኩል ስለሚወድቅ ልዩነቱ ይሰማል።

ለጠያቂዋ ግን አንድ ሌላ መንገድ አለ። ጥሩውን ስንኝ አትንኪው፤ ደካማውን ወደ እሱ አዙሪው። «ማየቱ» ጥሩ ከሆነ ከላይ በ«ቱ» የሚያልቅ ፈልጊ፦

ታንኳው ሁሉ ገባ ደረሰ ምሽቱ
አልተወኝም ዛሬም ደጅ ደጁን ማየቱ

ስድስት ስድስት ቀለሙ አልተነካም፣ ቤቱም ሙሉ ነው፣ ቃልም አልተጎተተም። ሌላው ታንኳ ሁሉ ገብቶ የእሱ ብቻ መቅረቱም ተነገረ።

የቅኔው ልጅ፦ ይኼው! ተፈልጎ ተገኘ አይደል? ያልኩት ይህንኑ ነው።

ክራር ደርዳሪው፦ ተገኘ፣ ግን «ነፋሱ» ተከፈለበት። ባይገኝ ኖሮ «ነፋሱ» እና «ማየቱ»ን ይዤ እዘፍነው ነበር እንጂ ወደ «ልብሱ» አልመለስም።

የቅኔው ልጅ፦ እዚህ ላይ አንስማማም። ሳይገኝ ሲቀር ስንኙ ይደር እንጂ ሳይገጥም አይወጣም።

የጣና ዳሯ፦ «ታንኳው ሁሉ ገባ» ልቤን ነካው፣ እውነትም የምንጠብቀው እንደዚያ ነበር። ነፋሱን ማጣት ግን ከብዶኛል፤ ግጥሙን ያስጀመረኝ እሱ ነው። «የጣና ነፋሱ»ን ለሦስተኛው ስንኝ አዘዋውሬ በ«ሱ» የሚያልቅ፣ ለሰው ሲወራ የማያሳፍር አራተኛ ልፈልግለት ነው። እስካሁን የመጣልኝ «መመለሱ» ነው።

ዘጌ ማዶ፦ «መመለሱ» ጥሩ ነው። ታንኳዋን ግን «እሷ» በያት።