ቤቴን ላድስ ነው፤ ለኢንሹራንሱ የምናገረው ለምንድን ነው?

የሰኞ ገበያው
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። የጭቃ ቤታችንን የፊት ለፊት ግድግዳ አፍርሼ በብሎኬት ላሠራ ነው። ከጎኑም ሁለት ክፍል እጨምርና አንዱን ለሱቅ አከራየዋለሁ። ቤቱ የባንክ ብድር ስላለበት የእሳትና መብረቅ ኢንሹራንስ አለው፣ በ2.5 ሚሊዮን ብር። ወንድሜ «ሳትነካው በፊት ለኢንሹራንሱ ንገር» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ቤቱ የኔ፣ ብሩ የኔ። ለምን እነግራቸዋለሁ?

ቶሳ ማዶ
ወንድሜ አትልፋ። ኢንሹራንስ የእድሳት ወጪ አይከፍልም። ግድግዳህ ስላረጀ ማንም ብር አይሰጥህም።

የሰኞ ገበያው
ኧረ ብር ልጠይቅ አይደለም አቦ! መናገር አለብኝ ወይ ነው ጥያቄው።

ግንበኛው
እኔ በሙያው ውስጥ ስላለሁ ልንገርህ። ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ካወጣህ በቂ ነው። በሥራ መሃል የሚመጣ ነገር የኮንትራክተሩ ጣጣ ነው፣ በሱ ኢንሹራንስ ያልቃል። አንተ ሥራው ሲያልቅ ሄደህ የቤቱን ዋጋ ታስተካክላለህ። ትልልቅ ሳይቶች ላይ የምንሠራው እንደዚህ ነው።

የኮምቦልቻዋ
ግንበኛው ግማሹን ልክ ብለሃል። ግማሹ ግን ሰው ያስለቅሳል። ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ፖሊሲ ስጽፍ ኖሬያለሁና ትንሽ ልዘርዝር።

ኩባንያው አረቦኑን ያወጣው አንድ ቤት አይቶ ነው። ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት፣ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ሱቅ የሌለው። ነገ ያ ቤት የለም። በሥራው ወቅት ብየዳ አለ፣ ማገርና ጣውላ ይከመራል፣ ኤሌክትሪክ በጊዜያዊ ገመድ ይጎተታል፣ ጣሪያው ይከፈታል፣ የማታውቃቸው ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ። ሲያልቅ ደግሞ ተከራይ ሱቅ ይገባል። ዛሬ ሸቀጣ ሸቀጥ የነበረ ከርሞ ቡታጋዝ መሸጫ ሊሆን ይችላል። በ1952ቱ የንግድ ሕግም፣ በእጅህ ባለው ፖሊሲም ስጋቱ ሲጨምር ማሳወቅ የመድን ገቢው ግዴታ ነው። ዝም ካልክ አደጋ የደረሰ ዕለት «እኛ የተዋዋልነው በሌላ ቤት ላይ ነው» ይሉሃል። ያን ጊዜ ክርክሩ ይከብድሃል።

የከተማው ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለኢንሹራንሱ አይነግርልህም።

የኮንትራክተሩን ነገር እናንሳ። የኮንትራክተር ሙሉ ዋስትና የሚባለው ፖሊሲ በመሠረቱ የሚሸፍነው አዲስ የሚሠራውን ነው። ነባሩ ቤትህ በዚያ ውስጥ የሚገባው ተለይቶ ከተጻፈ ብቻ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሁለት ክፍል ለመጨመር የምትቀጥረው ግንበኛ እንዲህ ያለ ፖሊሲ አለው? አካፋና ካሪዮላ ነው ያለው።

ግንበኛው
ካሪዮላዋን ተዋት እንጂ 😄 የነባሩን ቤት ነገር ግን አላውቅም ነበር። እቀበላለሁ።

የወልዲያው
የኔን ስሙ። ሐምሌ ላይ የእናቴን ቤት ጣሪያ ቀየርኩ። ሐምሌ ላይ ማን ጣሪያ ይከፍታል አትበሉኝ፣ ብሩ የተገኘው ያኔ ነው። ቆርቆሮው ወርዶ ሸራ ወጠርን። ሌሊት ነፋሱ ሸራውን ገንጥሎ ወሰደውና ዝናቡ በቀጥታ ሳሎን ገባ። የእናቴ ቡፌ አብጦ በሩ እስከ ዛሬ አይገጥምም። ፍራሹ፣ ምንጣፉ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ሁሉም ረጠበ። ኢንሹራንሳችን የማዕበልና የጎርፍ ተጨማሪ ሽፋን ነበረው፣ ዕቃውም ተመዝግቧል። አልከፈሉንም። ያሉት ምክንያት «ውሃው የገባው እናንተ በከፈታችሁት ጣሪያ ነው» የሚል ነው። እኔ እኮ ለኤጀንቱ ደውዬ ነግሬዋለሁ! «ችግር የለውም ጋሼ» ብሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው አላስታውስም አለ።

የኮምቦልቻዋ
ያሳዝናል። ምክንያታቸው ግን ከአየር ያመጡት አይደለም። የማዕበል ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ነፋሱ ራሱ ጣሪያውን ገንጥሎ ውሃው በዚያ ሲገባ ነው። ለሥራ ተብሎ በተከፈተ ቀዳዳ የገባ ዝናብ ቀድሞ ካልተስማሙበት አይካተትም። አስቀድመህ ብትጽፍላቸው ወይ «በግዳጅ ሸራና ማሰሪያ» ብለው ሁኔታ አስቀምጠው ይሸፍኑት ነበር፣ ወይ «ይህን አንሸፍንም» ብለው ይጽፉልህ ነበር። ሁለተኛው እንኳ ይጠቅማል። ቡፌውን ጎረቤት ታሳድረው ነበር።

የስልክ ወሬ ደግሞ የለም በለው። ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፍ። አንዱን ስጥ፣ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ማህተም ይደረግልህ። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደሚፈርስ፣ ምን እንደሚጨመር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ብየዳ ይኖር እንደሆነ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ይኖር እንደሆነ፣ ሲያልቅ ለምን እንደሚውል ይግባ። ፕላኑን፣ ፈቃዱንና የወጪ ግምቱን አያይዝ። ከዚያ ለውጡን በፖሊሲው ላይ የሚጨምረውን፣ ኢንዶርስመንት የሚባለውን ወረቀት እስክትቀበል ጠብቅ። «እሺ» ማለታቸው ሽፋን አይደለም። ሽፋኑ ወረቀቱ ነው።

ሐይቅ ዳር
ሰው ይኖር እንደሆነ ያልሽው ለምንድን ነው? እኛ ስናሠራ ዘመድ ቤት ነው የምንሰነብተው።

የኮምቦልቻዋ
ብዙ የእሳት ፖሊሲ ላይ ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ያለ ሰው ከቆየ ሽፋኑ ይቋረጣል የሚል አንቀጽ አለ። እድሳት በአንድ ወር አልቆ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዘመድ ቤት ሁለት ወር ከተቀመጣችሁ፣ ብየዳም ባይኖር፣ ባዶ በመሆኑ ብቻ ሽፋኑ ሊሄድ ይችላል። ፖሊሲያችሁን አውጡና «ባዶ» ወይም «ሰው የማይኖርበት» የሚለውን ፈልጉ።

የሰኞ ገበያው
እሺ፣ የሥራው ጊዜ ገባኝ። ሲያልቅስ? ከዚያ በኋላ 2.5 ሚሊዮኑ አለ አይደል? ቤቱ ቢቃጠል እሱን እወስዳለሁ።

የኮምቦልቻዋ
ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር ልሥራልህ።

ሥራው አልቆ ቤቱን እንደ አዲስ ለመሥራት 5 ሚሊዮን ብር የሚፈልግ ሆነ እንበል። የመሸጫውን ዋጋ አይደለም የምልህ፣ ቦታው አይቃጠልም። አንተ የተመዘገብከው በ2.5 ሚሊዮን ነው። የሱቁ ገመድ ተያይዞ አንድ ክፍልና የጣሪያው አንድ ጎን ተቃጠለ። ጉዳቱ 600 ሺህ ብር። አንተ «600 ሺህ ከ2.5 ሚሊዮን በታች ነው፣ ይከፈለኛል» ትላለህ። እነሱ ግን የቤቱን ግማሽ ብቻ ነው ያስገባኸው ይሉና የጉዳቱን ግማሽ፣ 300 ሺህ ይሰጡሃል። ከዚያም ላይ በፖሊሲው የራስህ ድርሻ የተባለው ይቀነሳል። ይሄ እንግዲህ ስለ ሱቁ ነግረሃቸው ነው። ካልነገርክ የ300 ሺህውም ነገር ያጠራጥራል።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። ለምሳሌ ምጣኔው በሺህ 1.5 ነው ብንል፣ የጨመረው 2.5 ሚሊዮን በዓመት 3,750 ብር ይመጣበታል። ፖሊሲው ሊያልቅ ስድስት ወር ከቀረው የምትከፍለው ግማሹን ነው፣ 1,875። ለሱቁ ምጣኔውን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቢሆንም ከአንድ ቀን የግንበኛና የረዳት ሒሳብ ብዙ አይርቅም።

ቶሳ ማዶ
ታዲያ ቀለም ስቀባም ደብዳቤ ልጻፍ? ኧረ ተዉን።

የኮምቦልቻዋ
ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የበር እጀታ፣ እነሱን ተዋቸው። ግድግዳ ወይም ጣሪያ ከተነካ፣ እሳት ወይም ብየዳ ከገባ፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ አገልግሎቱ ከተቀየረ ግን ጻፍ።

ሐይቅ ዳር
ባንኩንስ? ቤቱ መያዣ ነው ብሏል እኮ።

የኮምቦልቻዋ
ጥሩ አነሳሽ። ፖሊሲው ላይ ባንኩ ቀዳሚ ተጠቃሚ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። መያዣውን ያለ እነሱ ፈቃድ ማፍረስ የብድር ውሉን ሊያስጥስ ይችላል። የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ኮፒ ለባንኩም አስገባ፣ በዚያው ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ጠይቅ።

የሰኞ ገበያው
እሺ፣ አሁን እውነቱን ልናገር። ግድግዳው ከፈረሰ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። መሠረቱም ተቆፍሯል። ደብዳቤው ላይ «ልጀምር ነው» ብዬ ብጽፍስ?

የወልዲያው
ጻፍ ወንድሜ። ማን ያውቃል።

የኮምቦልቻዋ
አትጻፍ! አጣሪ ይልካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። የተቆፈረ መሠረት አይደበቅም። ውሸቱ ከዘገየው ማስታወቂያ ይብሳል፣ በዚያ ብቻ ውሉን ሊያፈርሱት ይችላሉ። «በዚህ ቀን ጀምሬያለሁ፣ አሁን እያሳወቅሁ ነው» በል። ሽፋኑ ከተቀበሉበት ቀን ወደፊት ይሆናል። ያለፈው ስድስት ቀን ምንም ካልተፈጠረ አልፏል። መልስ እስኪመጣ ብየዳውን አቁም፣ ጣውላውን ከነባሩ ግድግዳ አርቀው።

ግንበኛው
በነዚያ ስድስት ቀናት መብረቅ ቢመታውስ? መብረቅና የፈረሰ ግድግዳ ምን አገናኘው? መክፈል አለባቸው እላለሁ።

የኮምቦልቻዋ
እኔም ልቤ ወዳንተ ነው። ጉዳቱ ከለውጡ ጋር ካልተያያዘ መክፈል አለባቸው የሚል ክርክር አለ። «ቤቱ የተዋዋልንበት አይደለም» የሚሉም አሉ። ጠበቃና የፖሊሲው ቃል ይወስኑታል። በዚህ ላይ እርግጠኛ ነኝ አልልም።

ሐይቅ ዳር
አንድ ነገር ደግሞ። ሰኞ ገበያ ዳገት ነው። ስትቆፍር ከላይ ያለው ጎረቤት ግንብ ቢሰነጠቅስ?

የኮምቦልቻዋ
የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ያን አያውቀውም። ለሌላ ሰው ንብረት ኃላፊነት ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው። በቁፋሮ የሚደርስ መሰንጠቅን ደግሞ ብዙዎቹ ከሽፋኑ ያወጡታል። ሳትጨርስ የጎረቤቱን ግንብ ከነቀኑ ፎቶ አንሳ። የቆየ ስንጥቅም ካለ አሁን ይታይ።

የሰኞ ገበያው (ከአራት ቀን በኋላ)
ደብዳቤውን አስገብቼ ማህተም አስመታሁ። አጣሪው ማክሰኞ መጣ። ብየዳ ሲኖር እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ይቀመጥ፣ ሱቁን ተከራይ ሳይገባ ንገረን አሉኝ። ጣሪያው ክፍት በሆነበት ጊዜ ዝናብ አንሸፍንም ብለው በጽሑፍ ሰጡኝ። ሳሎኑን ዛሬ ባዶ አደረግነው። ጎረቤቴ ግንቡን ፎቶ ሳነሳ «ምን አስበህ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ፣ እሱን ገና አላግባባሁትም።