የሊዝ ማስተላለፍ የጋራ ሐሳብ፦ 3ኛ ረቂቅ ላይ አስተያየት

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ይኸው። ከማኅበራችን፣ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ላሉት ሦስቱም ሕንፃዎች አከራይ የሚሄደው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ከሊዝ እድሳቱ በፊት መድረስ አለበት። ዋናው አንቀጽ፦

«ተከራይ ንግዱን ሲሸጥ ወይም የተከራየውን ቦታ ለሌላ መልሶ ሲያከራይ፣ ማለትም ሰብሊዝ ሲያደርግ፣ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቃል። አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት አይከለክልም። በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሰ እንደፈቀደ ይቆጠራል።»

አስተያየት እስከ ሐሙስ። ከየሊዛችን የማስተላለፊያውን ገጽ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል።

ባለ ካፌው፦ እኔ እሰበስባለሁ። በቴሌግራም ላኩልኝ።

ሰኞ ዝግ ነው፦ ለምን እንደክማለን? ካሊፎርኒያ ውስጥ አከራይ ያለ ምክንያት መከልከል አይችልም። በፍርድ ቤት ያለቀ ነገር ነው። አሁን ደብዳቤ ጽፈን ልንለምነው ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ያስበላል። የምትለው በ1985 የተወሰነው የኬንዳልና የፔስታና ጉዳይ ነው። ሳን ሆሴ ኤርፖርት የአውሮፕላን ጥገና ያለው ሰው ንግዱን ሲሸጥ፣ አከራዩ ኪራይ ካልጨመራችሁ አልፈቅድም አለ። ፍርድ ቤቱም ኪራይ ለማስጨመር ብቻ መከልከል በቂ ምክንያት አይደለም አለ። ግን ያ የሚሠራው ሊዙ «ያለ አከራይ ፈቃድ አይተላለፍም» ብሎ መለኪያ ሳያስቀምጥ ሲቀር ነው። ሊዙ ስለ ማስተላለፍ ምንም ካላለ ፈቃድ መጠየቅም አያስፈልግህም። «በጭራሽ አይተላለፍም» ካለ ደግሞ ክልከላው ይጸናል፤ ሲቪል ኮዱ 1995.230 ላይ በግልጽ ፈቅዶለታል። መለኪያውን ራሱ ሊዙ ከዘረዘረ በዝርዝሩ ትተዳደራለህ። ስለዚህ መጀመሪያ የራስህን ገጽ አንብብ።

ሰኞ ዝግ ነው፦ የኔ «ፈቃድ ያስፈልጋል» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ልክ ነኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ ያንተ ልክ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ግን የሁላችንም ነው።

የማዕዘኑ ሱቅ፦ ፓርኪንጉስ? ረቂቁ ስለ ፓርኪንግ ትንፍሽ አላለም። ከኋላ ያሉኝን ሁለት ቦታዎች ቅዳሜና እሑድ ለጎረቤት ምግብ ቤት እንግዶች እለቃለሁ። ሊዜ «የቦታውን ማንኛውንም ክፍል ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት» ይከለክላል። ይሄ ደብዳቤ ከወጣ አከራዩ ቁጭ ብሎ ሊዛችንን ያነባል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።

ሰኞ ዝግ ነው፦ እትዬ፣ ለሁለት መኪና ደብዳቤ ይቆማል?

የማዕዘኑ ሱቅ፦ ኦሊምፒክና ፒኮ መሀል ቅዳሜ ማታ ሁለት መኪና ማቆሚያ ካገኘህ ንገረኝና እኔም ልምጣ።

ጸጉር ቤት፦ እውነቷን ነው። እኔም ወንበር ለሦስት ሰዎች አከራያለሁ። እነሱም ሰብተከራይ ሊባሉ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ በተለምዶ የወንበር ኪራይም ሆነ መኪና ማቆም ሰብሊዝ አይደለም፤ ቦታውን የመያዝ መብት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው የሰጣችሁት። ግን የሊዙ ቃል ይወስናል። ብዙ ሊዞች «ማስተላለፍ» ሲሉ ሊዙን ጨርሶ ለሌላ ሰው ማዞርን ማለትም አሳይንመንትን፣ ሰብሊዝን፣ የመጠቀሚያ ፈቃድን፣ አንዳንዴም የድርጅቱን አክሲዮን መሸጥን ጨምረው ይተረጉማሉ። ያ ካለ ወንበሩም ይገባል። እትዬ፣ የእርስዎ ፓርኪንግ በሊዙ የተሰጠ ነው ወይስ ለሕንፃው ሁሉ የጋራ?

የማዕዘኑ ሱቅ፦ ቁጥር 4 እና 5 ተብሎ ስሜ ተጽፎበታል።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲያው አከራዩ የቦታዎ አካል ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። በረቂቁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ለሰዓታት የሚደረግ የመኪና ማቆሚያ ትብብርና የወንበር ኪራይ ማስተላለፍ አይባልም።»

ሰኞ ዝግ ነው፦ «ለሰዓታት» ስንት ሰዓት ነው?

ጸጉር ቤት፦ ወንበሩ ለሰዓታት አይደለም፣ ለወር ነው። እንዲህ ከተጻፈ እኔን አጋለጣችሁኝ።

ኢንግልዉድ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው። አፓርታማዬ ውስጥ አንዱን ክፍል ባከራይ ይሄ ሕግ ይሸፍነኛል?

ሒሳብ ያዥ፦ አይሸፍንም። እያወራን ያለነው ስለ ንግድ ሊዝ ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሌላ ሕግና የየከተማው ደንብ አለው።

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ ስለ ፓርኪንግ 11 መልእክት አነበብኩ። እኔ በ60 ቀን ውስጥ ለመሸጥ እየተስማማሁ ነው። ጋሼ፣ አሳይን ከማድረግ ሰብሊዝ ባደርግ አይሻልም? የምከፍለው 6,200 ዶላር ነው፤ ገዢው 7,000 ይከፍለኛል፣ ልዩነቱን እበላለሁ። ሊዜ ኤፕሪል 30/2029 ያልቃል፣ አምስት ዓመት የማራዘም ኦፕሽንም አለኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ ልዩነቱን ከመብላትህ በፊት ማን በማን እጅ እንደሚወድቅ አስብ። በሰብሊዝ አከራዩ የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው። ገዢው ለአንተ ይከፍላል፣ አንተ ለአከራዩ። እሱ አንድ ወር ካዘገየ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያው በአንተ ስም ይመጣል። አንተ የከፈለህን ገንዘብ ለአከራዩ ካላደረስክ ደግሞ ሊዝህ ሲሞት የሱም አብሮ ይሞታል፤ እሱ በሰዓቱ ቢከፍልም አያድነውም። ስለዚህ የነቃ ገዢ አከራዩን «ዋናው ሊዝ ቢፈርስም እኔን ታስቀጥለኛለህ» የሚል ወረቀት ያስፈርማል፤ ያን ካገኘ ደግሞ ለምን ሰብሊዝ ብሎ በአንተ በኩል ይከፍላል?

ሌላው፦ እስከ ኤፕሪል 30/2029 ሙሉውን ጊዜ ከሰጠኸው ወረቀቱ ላይ ሰብሊዝ ብትልም አሳይንመንት ነው። ሰብሊዝ እንዲሆን ቢያንስ የመጨረሻዋን ቀን ለራስህ ታስቀራለህ። ይሄ ግን ከፈቃድ አያስመልጥህም፤ ሊዙ ሁለቱንም ፈቃድ ያስጠይቅባቸዋል።

በአሳይንመንት ገዢው በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ በጽሑፍ ነጻ ካልተለቀቅክ አንተም ከኋላ ተጠያቂ ሆነህ ትቀራለህ። ገዢው በ2028 ቢዘጋ አከራዩ አንተን ይፈልግሃል። ፈቃድ ማለት ነጻ መልቀቅ ማለት አይደለም፤ ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

ኦፕሽኑንም እይ። «ለመጀመሪያው ተከራይ ብቻ» የሚል ቃል ካለበት ከአንተ ጋር ይቀራል፤ ገዢህ የገዛው እስከ ኤፕሪል 2029 ያለውን ብቻ ነው።

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ አለበት። አሁን አየሁት። ዋጋው ሊወርድ ነው ማለት ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ ገዢው ካየው ይወርዳል፤ ጠበቃ ካለው ደግሞ ያያል። አከራዩን ኦፕሽኑ አብሮ እንዲተላለፍ ጠይቀው፤ የመፍቀድ ግዴታ ግን የለበትም። ስንት ነው የምትሸጠው?

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ 140,000። ሊዙ ደግሞ «ከማስተላለፍ ከሚገኝ ማንኛውም ክፍያ 50 በመቶ ለአከራዩ» ይላል። ይሄ ሕጋዊ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ ተጽፎ ከተፈረመ ሕጋዊ ነው፣ 1995.240 ላይ አለ። ጉዳቱ «ማንኛውም ክፍያ» የሚለው ነው። 140,000ውን በአንድ ቁጥር ከጻፍከው 70,000 ይጠይቅሃል። ከፍለህ ከጻፍከው፣ ለምሳሌ ማቀዝቀዣውና መጋዙ 55,000፣ የንግዱ ስምና ደንበኛ 60,000፣ የሊዙ መብት 25,000 ከሆነ፣ ግማሹ 12,500 ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ። እሱም ይከራከርሃል፣ ቃሉ ሰፊ ነውና። ክፍፍሉ ግን የእውነት መሆን አለበት፤ የዕቃው ዝርዝር ከነሲሪያል ቁጥሩ ተያይዞ፣ አንተና ገዢው ለታክስ በፎርም 8594 የምትሞሉት ቁጥርም አንድ ዓይነት ይሁን። ለአከራይ አንድ፣ ለታክስ ሌላ ቁጥር ከሆነ ሁለቱም ጋ ትያዛለህ። በረቂቁ ላይ መግባት ያለበት ይሄ ነው፦ «የዕቃና የንግድ ስም ዋጋ ከክፍያው ውጭ ነው።» ከፓርኪንጉ ይልቅ ይሄ ነው ገንዘቡ።

የማዕዘኑ ሱቅ፦ ለአንተ ገንዘቡ እሱ ነው። ለኔ ቁጥር 4 እና 5 ነው።

ሰኞ ዝግ ነው፦ ስንት ዓመት ማኅበሩ ውስጥ ነን፣ ሁሌ አንድ ሰው ያስተምራል፣ ሌላው ይሰማል። ከ2025 ጀምሮ ለትንንሽ ንግድ ጥበቃ ወጥቶ የለም እንዴ? ለምን እሱን አንጠቅስም?

ሒሳብ ያዥ፦ ኤስ ቢ 1103 የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ስለ ኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያና ስለ ሕንፃ ወጪ ነው፤ ስለ ማስተላለፍ ምንም አይልም። ሊዝ ተተርጉሞ ይሰጥ ያለውም በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ድርድር ሲደረግ ነው። አማርኛ የለበትም። መጥቀስ ካማራችሁ ጥቀሱት፣ ለአከራዩ ግን የማናውቅ መስለን እንታያለን።

ሰኞ ዝግ ነው፦ እሺ ጋሼ፣ ተናድጄ ነው። 20 ቀኑ ግን ጥሩ ነው፣ ይቆይ።

ጸሐፊው፦ 20 ቀን ከመቼ ይቆጠራል? ያን ማስገባት አለብኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሙሉው ፋይል ከደረሰው ቀን። ፋይሉ ራሱ መዘርዘር አለበት፤ የገዢው የሁለት ዓመት ታክስ፣ የባንክ መግለጫ፣ ምን ዓይነት ንግድ እንደሚከፍት፣ የሽያጭና የአሳይንመንት ውሉ ረቂቅ። ካልተዘረዘረ አከራዩ በ19ኛው ቀን «አንድ ወረቀት ጎድሏል» ይላል፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ባለ ሥጋ ቤቱ ሳይፈቀድለት ቁልፍ ቢያስረክብ ደግሞ ውል አፍርሷል ተብሎ ሊዙ ሊቋረጥበት ይችላል።

ከከለከለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። አለአግባብ ተከለከልኩ የሚለውን የማስረዳት ሸክም የተከራዩ ነው። አከራዩ ተጠይቆ በተገቢው ጊዜ አሳማኝ ምክንያት በጽሑፍ ካልሰጠ ግን ያ ራሱ ማስረጃ ይሆንላችኋል። በስልክ «አይሆንም» ብሏችሁ ከዘጋው እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ኢሜይል ሊዙ ላይ እንደ ማስታወቂያ ካልተፈቀደ በሪኮማንዴ ይላክ።

ጸጉር ቤት፦ የአከራዩን ጠበቃ ማን ይከፍላል? ለጓደኛዬ ሂሳቡ ሲመጣ ከሊዙ በላይ ነበር።

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ላይ 1,500 ዶላር ጣሪያ ላድርግ?

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ 1,000።

ሰኞ ዝግ ነው፦ እንደሚከፍል ሰው ተከራከሩ። ባለ ካፌው ገጾቹን ሰበሰበ?

ጸሐፊው፦ ስደውልለት አያነሳም። ሁለት ሰው ልኮለት ነበር። የቀሩት ለኔ ይላኩ።

የማዕዘኑ ሱቅ፦ እኔ ፓርኪንጉ አንደኛ አንቀጽ ካልሆነ አልፈርምም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሁላችንም ችግር እሱ ነው፣ ሽያጭ ግን የአንድ ሰው ነው።

ጸሐፊው፦ 4ኛ ረቂቅ፦ አንደኛ አንቀጽ፣ ቅዳሜና እሑድ የኋላ መኪና ማቆሚያን በጋራ መጠቀም ማስተላለፍ እንዳይባል። ሁለተኛ፣ የጸጉር ቤት ወንበር። ሦስተኛ፣ 20 ቀንና የጠበቃ ክፍያ ጣሪያ፣ ቁጥሩ ክፍት። የሽያጭ ገንዘብ ክፍፍሉና ነጻ መልቀቂያው በአባሪ።

ሒሳብ ያዥ፦ አከራዩ አባሪ አያነብም። ባለ ሥጋ ቤቱ፣ አንተ ማኅበሩን አትጠብቅ፤ ፋይልህን ሰኞ በሪኮማንዴ ላክ።

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ ሰኞ ገዢው የለም። ማክሰኞ።