ከምንባቡ ቃል የሚቀዱ ምርጫዎችን እንዴት ላስለያት?

ሰላም። እህቴን ለ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እያስጠናኋት ነው። ምንባብ ላይ ግን ተቸግረናል።

መልሱ በቀጥታ የተጻፈበት ጥያቄ አይከብዳትም። «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ደረሰ?» ከተባለ መስመሩን ፈልጋ ታገኘዋለች። የሚከብዳት «ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» ሲባል ነው። አንድ ምሳሌ በአማርኛ ላስቀምጥ፦

«አልማዝ ሁለት ሲኒ ሻይ ቀዳች። በሩን ደጋግማ አየች። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሁለተኛውን ሲኒ ማንም አልነካውም።»

ሀ) አልማዝ በሩን ያየችው ሻዩ ስለቀዘቀዘ ነው።
ለ) የጠበቀችው ሰው አልመጣም።
ሐ) እንግዳዋ ታሞ ቀረ።

እሷ ቶሎ ብላ «ሀ» ትላለች። ሻዩም፣ በሩም፣ መቀዝቀዙም ምንባቡ ውስጥ አሉ። በሩን ማየቷንና የሻዩን መቀዝቀዝ በምክንያትና ውጤት ያገናኛቸው ግን ፈተና አውጪው ነው። ይህን ሳሳያት ደግሞ የምንባቡን ቃል የያዘ ምርጫ ሁሉ መሰረዝ ጀመረች። ይሄም አያዋጣም፤ ትክክለኛው መልስም እኮ ቃል ሊጋራ ይችላል።

አሁን «ለ» እና «ሐ» ላይ ትዋልላለች። ለ«ለ» ሁለተኛው ሲኒና በሩ ማስረጃ ናቸው፤ ስለ ሕመም ግን ምንም ፍንጭ የለም። ሳስረዳት ይገባታል፤ ብቻዋን ስትሠራ ግን ይጠፋባታል።

ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ማስረጃውን ራሷ እንድትፈልግ በምን ልምምድ ላስለምዳት? ምርጫዎቹን ሸፍና መጀመሪያ የራሷን መልስ ብታስብስ፣ የፈተናው ሰዓት ይበቃታል?