35 ሊሞላኝ ነው፣ ልጅ እምቢ ብሎናል፤ ምርመራው ከማን ይጀመር?

የአዳማዋ
ዕድሜዬ 34 ነው፤ ሰኔ ላይ 35 እሞላለሁ። ባለቤቴ 39 ነው። የመጨረሻውን የሦስት ወር መርፌ ከተወጋሁ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ፔሬዴ የተመለሰው ግን ካለፈው ሰኔ ወዲህ ነው፣ በየ35 ቀኑ ይመጣል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ቢበዛ አሥር ቀን ነው ቤት የሚያድረው። በ21ኛው ቀን ደም ሰጥቼ «እንቁላልሽ አይወጣም» ተባልኩ። አሁን የማህፀን ቱቦ ራጅ ታዝዞልኛል። ባለቤቴን ማንም ምንም አላለውም። ጊዜው ደርሷል ወይስ ቸኩዬ ነው? ከየትስ ነው የሚጀመረው?

የሁለት ልጆች እናት
እህቴ ዓመት ሙሉ ሳትሞክሩ ሐኪም ቤት መመላለስ ገንዘብ ማባከን ነው። መርፌው ነው የጎዳሽ። ማህፀን ያደርቃል ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ታገሺ፣ መድኃኒቱ ከሰውነትሽ ሲወጣ ይመጣል።

አዋላጅ ነኝ
የዓመቱ ነገር ትክክል ነው፣ ግን ከ35 በታች ለሆነች ሴት ነው። 35 ከሞላ ስድስት ወር ይበቃል፣ 40 ካለፈ ደግሞ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ነው የሚታየው። መርፌው ማህፀን ያደርቃል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የሚያደርገው ማዘግየት ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ ብዙዎች እስከ አሥር ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል፣ አንዳንዷ ከዚያም ታልፋለች። ስለዚህ እህቴ፣ ዓመት ከአምስት ወሩን ሁሉ አትቁጠሪው። ፔሬድሽ ከተመለሰ ዘጠኝ ወር ነው።

ይሄም ቢሆን ሙሉ ዘጠኝ ወር አይደለም። ፔሬድ በየ35 ቀኑ ለምታይ ሴት እንቁላል የሚወጣው በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው። ቀን አንድ የምንለው ደም የጀመረበት ቀን ነው። የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሏ ግን አንድ ቀን እንኳ አትሞላም። ያንቺ ቀናት እንግዲህ ከ16ኛው እስከ 21ኛው ናቸው። ባለቤትሽ በነዚያ ቀናት ስንት ጊዜ ቤት ነበር? ካላንደር አውጥታችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ምናልባት በዘጠኙ ወር ውስጥ በደንብ የሞከራችሁት አራቱን ብቻ ይሆናል።

ሌላው፣ ያ የ21ኛ ቀን ምርመራ ላንቺ አይሆንም። 21 የሚባለው ፔሬዷ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ነው። በዚያ ደም የሚለካው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ከፍ የሚለው እንቁላል ከወጣ በኋላ ስለሆነ የሚታየው ፔሬድ ሊመጣ ሰባት ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ያንቺ 28ኛው ቀን ነው ማለት ነው። እንቁላሉ ገና ሊወጣ ሲል ደም ሰጥተሽ ዝቅ ቢል ምን ይገርማል? በዚያ ወረቀት «አይወጣም» ብሎ መደምደም አይቻልም። በ28ኛው ቀን ድገሚው።

ቤቲ
በ21 ቀን እርግዝና አይታይም እኮ ማሬ! ፔሬድሽ ከቀረ በኋላ ነው ሽንት የሚታየው፣ ዝም ብለሽ ነው የተጨነቅሽው።

አዋላጅ ነኝ
ቤቲዬ፣ ያሠራችው የሆርሞን ምርመራ ነው፣ የእርግዝና አይደለም።

ላብራቶሪ የምሠራ
እኔ ስለ ባለቤትሽ ልናገር። ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግርም አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። የስፐርም ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ አያምም፣ ከራጁም ይረክሳል። ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት መጀመር ትችላላችሁ።

ግን ሹፌር ስለሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ናሙና የሚሰጠው ዘር ከፈሰሰ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ቆይቶ በገባ ማግስት ቢሰጥ ብዛቱ ጥሩ ሆኖ እንቅስቃሴው ደካማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ እንደገባ አብራችሁ ሁኑ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ቆጥሮ ይስጥ። ላብራቶሪው ውስጥ ቢሰጥ ይሻላል። እቤት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት፣ ብልቃጡን ከልብሱ ሥር ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ ይያዘው፣ ፍሪጅ አይገባም። ሳሙና፣ ቅባት፣ ተራ ኮንዶም አይሆንም። በተለይ የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰበት ሳያፍር ይናገር፣ ብዙው ዘር ያለው እሱ ላይ ነው።

ውጤቱ ላይ በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ 42 ከመቶ፣ እነዚህ የታችኛው ወሰን ናቸው። ከዚያ ቢቀንስ መካን ነው ማለት አይደለም፣ ይደገማል ማለት ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ወይም ሌላ ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ንገሩን። ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት ያኔ የታመመው ዛሬ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ደርሶብኛል
እኔ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ራጅ ሁለት ጊዜ፣ ሆርሞን የማላውቀው ያህል ጊዜ፣ ጠበሉም አልቀረ። የባሌ እናት ዓይኔን ማየት አቁመው ነበር። ባሌ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሲመረመር ዘር የለም፣ ዜሮ። ተደገመ፣ ዜሮ። አሁን የዘሩ ቱቦ ተዘግቶ ነው ወይስ ከነጭራሹ አይመረትም የሚለውን እያጣሩ ነው፣ ገና መልስ የለንም። ያንን ራጅ ከማንሳትሽ በፊት እሱን አስቀድሚ። የምለምንሽ ይሄንን ብቻ ነው።

የአዳማዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካላንደሩን አየሁት፣ ከስምንት ፔሬድ በሦስቱ ብቻ ነው በነዚያ ቀናት ቤት የነበረው። የካቲት ላይ አፋር ውስጥ ወባ ታሞ ነበር። ሌላ ያልነገርኳችሁ፣ በ19 ዓመቴ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ራጁን ልተወው?

አዋላጅ ነኝ
ይሄንን በመጀመሪያ ብትነግሪን! የፈነዳ ትርፍ አንጀት ጠባሳ ትቶ ቱቦን ሊያጣብቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ሴት ዓመት ቁጭ ብላ አትጠብቅም። ስለዚህ ሐኪሙ ራጁን ማዘዙ ስህተት አይመስለኝም። ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ነው የሚነሳው፣ ላንቺ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ይሆናል። ከፔሬድ በኋላ እስኪነሳ ድረስ ግንኙነት አይኑር። ሊነሳ አንድ ሰዓት ሲቀረው ማስታገሻ ውሰጂ፣ ቱቦው እንዲታይ የሚሰጠው ቀለም ሲገባ ይቆርጣል። ፈሳሽ ሽታ ወይም ትኩሳት ካለሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ አይነሳም። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ አልትራሳውንድም ካልታዩልሽ ጠይቂ።

ላብራቶሪ የምሠራ
እኔ ግን አሁንም ስፐርሙ ይቅደም ባይ ነኝ። ዜሮ ከወጣ የራጁ አስፈላጊነት ራሱ ሊቀየር ይችላል። በወባው ምክንያት ግን ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ግንቦት ላይ ይደገማል።

አዋላጅ ነኝ
እስከ ግንቦት ግን ራጁን አታቆይው። ሰኔን አስቢ።

የአዳማዋ
ሐሙስ ይገባል። እሁድ ወይም ሰኞ ናሙና እንዲሰጥ ልነግረው ነው፣ እንዴት እንደምጀምርለት ግን ገና አላወቅኩም።