ትርፍ አለኝ፣ ለኪራይ ግን ብር አጠረኝ

ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የኅትመት ሱቅ አለኝ። ያለፈው ወር ሒሳብ ሲዘጋ 58,000 ብር ትርፍ ታየ፤ ኪራይ ሲደርስ ግን ባንክ ያለው ብር አልበቃኝም። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ለአንድ መሥሪያ ቤት የ210,000 ብር ሥራ አስረክቤ ሽያጭ ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ ገንዘቡ ግን አልገባም። ወረቀትና ቀለሙን ደግሞ የገዛሁት እጅ በእጅ ነው።

በየሳምንቱ የሚገባውንና የሚወጣውን አስቀድሜ በደብተር እጽፋለሁ። 85,000 ብር ይዤ ነበር የጀመርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ከሱቅ ደንበኞች 40,000 ገባ፣ ለወረቀት 60,000 ወጣ፤ 65,000 ቀረ። በሁለተኛው 40,000 ገብቶ ለደመወዝ 72,000 ወጣ፤ 33,000 ቀረ። በሦስተኛው የተለመደው 40,000 እና የመሥሪያ ቤቱ 210,000 ይገባል፣ ኪራይ 90,000 ይወጣል፣ 193,000 ይተርፈኛል ብዬ ጻፍኩ። ቼኩ ሳይፈረም ሳምንቱ አለፈ። 17,000 ጎድሎኝ ከእህቴ ተበደርኩ።

ስሕተቴ ውሉ ላይ ያለውን “በ30 ቀን” ማመኔ ይመስለኛል። የድሮ ደረሰኞቼን ሳገላብጥ ይኸው መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ የከፈለኝ በ41፣ በ52 እና በ67ኛው ቀን ነው። አማካዩን፣ 53 ቀን አካባቢ፣ ብወስድ አንዱ ሲዘገይ እንደገና ልወድቅ ነው። 67ን ብወስድ ደግሞ ደብተሩ ሁልጊዜ ጉድለት እያሳየ ልሠራው የምችለውን ሥራ ያስመልሰኛል።

በዱቤ የምትሠሩ ሰዎች፣ በሳምንታዊው ትንበያ ላይ የደንበኛውን ገንዘብ የምታስገቡት በአማካዩ ቀን ነው ወይስ በዘገየበት?