አክሲዮኑ ወጣ፣ ኮሌ ግን ወረደ፤ ብሬን ምን በላው?

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ቤተሰብ። ሰኞ ገበያው ሊዘጋ ሲል አንድ ኮል፣ ማለትም አክሲዮኑን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት የሚሰጥ ኦፕሽን፣ ገዛሁ። አክሲዮኑ 100 ዶላር ነበር፣ የተቆረጠው ዋጋ፣ ስትራይኩም፣ 100፣ የሚያበቃው ዓርብ። ዋጋው ለአንድ አክሲዮን 3.60፣ ውሉም የ100 አክሲዮን ስለነበር 360 ዶላር ከፈልኩ። ማታ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ፤ ጥሩ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አክሲዮኑ 102 ላይ ከፈተ። ደስ ብሎኝ አፑን ስከፍት ኮሉ 2.80 ሆኗል! አቅጣጫውን በትክክል ገምቼ እንዴት 80 ዶላር እከስራለሁ? ሰኞ የሚጠበቀው መዋዠቅ፣ አይቪው፣ 71 ይል ነበር፣ ያለፉት 30 ቀናት መዋዠቅ፣ ሂስቶሪካሉ፣ ደግሞ 32። ማክሰኞ አይቪውም ወደ 32 ወርዷል። ተሰርቄ ነው?

ቆቁ

የቀን ማለፍ፣ ቴታው፣ ነው የበላህ ወንድሜ። ሳምንታዊ ኦፕሽን በየቀኑ ይቀልጣል። ዓርብ የሚያበቃ ነገር ሰኞ ገዝተህ ምን ጠበቅክ? ቀጣይ ጊዜ የሁለት ወር ግዛ።

አባ ስሌት

ቆቁ፣ ቀን መቁጠሩ ትክክል ነው፤ ግን ያለፈው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሪፖርት በሌለበት ተራ ሳምንት የዚህ አክሲዮን የአምስት ቀን ኮል 1.80 አካባቢ ነው፣ የአራት ቀኑ 1.60። ስለዚህ አንድ ቀን የሚበላው 20 ሳንቲም ገደማ ነው። የልጁ ብር በዚያ መንገድ አልሄደም።

ጀማሪው፣ ማንም አልሰረቀህም። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ እንያቸው። ሂስቶሪካሉ ባለፉት 30 ቀናት አክሲዮኑ በቀን ስንት እንደዋዠቀ ወስዶ ወደ ዓመት የተለወጠ ነው። ወደ ቀን ለመመለስ ለ16 አካፍለው፤ 32 ማለት በቀን 2 በመቶ ነው። አይቪ ግን ያለፈውን ጨርሶ አያይም። የሚነሳው ከኦፕሽኑ ዋጋ ነው። ሰው ለዚህ ኮል 3.60 ከከፈለ፣ እስከ ዓርብ ምን ያህል መዋዠቅ ቢጠብቅ ነው ተብሎ ወደ ኋላ ይሰላል።

አሁን ሰኞ ማታ የገዛኸውን እንቁጠር። አራት ተራ ቀናት አሉ፣ እያንዳንዱ 2 በመቶ። በእነሱ ላይ አንድ ሌሊት አለ፣ የሪፖርቱ ሌሊት፤ ገበያው ለዚያ ብቻ የ8 በመቶ ዝላይ ሰጥቶታል። እነዚህ ዝም ብለው አይደመሩም። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ነው የምትደምረው፦ አራት ጊዜ 4፣ ይህ 16 ነው፤ የሌሊቱ 64፤ በድምሩ 80። ልብ በል፣ ከ80ው ውስጥ 64ቱ የዚያች አንዲት ሌሊት ናቸው። አንተ የአራት ቀን ኦፕሽን የገዛህ መስሎህ ነበር፤ አብዛኛውን ብር የከፈልከው ግን ለአንድ ሌሊት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሌሊቱ አለፈ። ከ80 የቀረው 16። አክሲዮኑ ካለበት ባይነቃነቅ ኮልህ 1.60 ይሆን ነበር። 2 ዶላር ስለወጣ 2.80 ደረሰ። ገንዘብህ እንዲመለስ አክሲዮኑ ወደ 103 መውጣት ነበረበት። አቅጣጫው ልክ ነበር፤ መጠኑ ግን ገበያው ካስከፈለህ አነሰ።

ጀማሪው

ኧረ አሁን ገባኝ። ግን ያቺን 8 ከየት አመጣሃት? አፑ ላይ የለችም።

አባ ስሌት

ከራስህ 71 ነው ያወጣኋት። ሺት ላይ ይቺን ጻፍ፦

```
=SQRT(71^2/252*4-4*2^2)
```

71 አይቪው ነው፣ 252 በዓመት ያሉት የገበያ ቀናት፣ 4 የቀሩት የገበያ ቀናት፣ 2 የተራ ቀን መዋዠቅ። 8 ይሰጥሃል። አንድ ነገር ግን አስተውል። አንዳንድ ብሮከር ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ በ365 ይቆጥራል። እዚያ ይኸው ኮል 85 ብሎ ይነበብ ነበር። ስለዚህ የአንዱን አፕ አይቪ ከሌላው ጋር አታወዳድር፤ ያንተ በ365 ከሆነም ስሌቱ ላይ 252ን በ365 ቀይር።

የዴንቨር ልጅ

ወንድሞች፣ መላው ቀላል ነው። ሪፖርት ሲቃረብ አይቪ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግዙ፣ ሰኞ ከመዘጋቱ በፊት ሽጡ። አይቪው ሲያብጥ ትርፉ የናንተ ነው፣ ሪፖርቱም አይነካችሁም። እኔ ሁለቴ ሠርቶልኛል።

አባ ስሌት

አይቪው መውጣቱ እውነት ነው። ብሩ መውጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህንኑ ኮል ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አክሲዮኑ ያኔም 100 ሆኖ፣ ገዛሁ በል። 19 ቀን ቀርቶታል። 19 ጊዜ 4፣ ይህ 76፤ የሌሊቱ 64፤ ድምሩ 140። አይቪው 43 ይላል፣ ዋጋው ደግሞ 4.70 ገደማ ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅክ። አይቪው 71 ደረሰ። ዋጋውስ? 3.60!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሪፖርቱ ሌሊት 64 አይነካም፣ ባለበት ይቀመጣል። የሚያልቁት ተራዎቹ ቀናት ናቸው። ትንንሾቹ እየወጡ ሲሄዱ ትልቁ በጥቂት ቀናት ላይ ይካፈላል፣ ስለዚህ አማካዩ ያብጣል። ወጥ ላይ ውኃው ሲተን ጨው ጨው እንደሚለው ነው፤ ጨው የጨመረ የለም። «ከክስተት በፊት ኦፕሽን ይወደዳል» ሲባል፣ ሪፖርት ከሌለበት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። የአራት ቀኑ ኮል በተራ ሳምንት 1.60፣ በዚህ ሳምንት 3.60። የገዛኸው ኦፕሽን ግን እያበጠልህ አይሄድም።

ያንተ ሁለቱ የሠሩት አክሲዮኑ ራሱ ስለወጣ ይሆናል። ወይም ገበያው ያቺን 8 ወደ 9 እና 10 ከፍ አድርጓት ነበር። ይህም ይከሰታል፤ ግን ቃል የሚገባልህ የለም።

የዴንቨር ልጅ

አንዱ ላይ አዎ፣ አክሲዮኑ 6 ዶላር ወጥቶ ነበር። ሁለተኛውን ግን ተወኝ፣ እሱ አይቪ ነው።

ፋርማሲስቷ

የእኔን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይለያል። አንዲት ትንሽ መድኃኒት አምራች ነበረች፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ውሳኔ የሚሰጥበትን ቀን ኩባንያው ራሱ ቀድሞ አስታውቋል። ከቀኑ በኋላ ባለው ሳምንት የሚያበቃ ኮል ገዛሁ። አይቪው ከ200 በላይ ነበር፣ ከሂስቶሪካሉ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ውሳኔው ሊደርስ ሲል ኩባንያው ተጨማሪ መረጃ ማስገባቱ ተነገረና ቀኑ በሦስት ወር ተገፋ። የእኔ ኮል የዚያኑ ቀን ሞተ። አክሲዮኑ እኮ ብዙም አልወረደም! የከፈልኩለት የውሳኔ ቀን ከኦፕሽኔ ውጪ ወጣብኝ እንጂ።

አባ ስሌት

እህቴ፣ ይህ ከሁሉም የሚያስተምር ነው። በልጁ ስሌት 64 ያልነው የክስተቱ ድርሻ ከአንቺ ኦፕሽን ወጥቶ ወደሚቀጥሉት ወራት ኦፕሽኖች ተሻገረ። ሪፖርትም ላይ ቀኑ ሳይረጋገጥ የሚገዛ ሰው ይኸው ይደርስበታል። ገበያው ክስተቱን የት እንዳስቀመጠው ማየት ከፈለግሽ የተከታታይ ሳምንታትን አይቪ ጎን ለጎን እዪ። የዚህ ዓርብ 34 ሆኖ የሚቀጥለው 60 ከሆነ፣ ነገሩ በሁለቱ መካከል ነው። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ላይ በየቀኑ የሚያበቃ ኦፕሽን ስላለ ይበልጥ ይታያል። ፌዴራል ሪዘርቭ የወለድ ውሳኔውን የሚያሳውቀው በዋሽንግተን ሰዓት አቆጣጠር ረቡዕ ከቀኑ 2 ሰዓት ከሆነ፣ ማክሰኞ የሚያበቃው እና ረቡዕ የሚያበቃው ላይ ልዩነቱን ታገኚዋለሽ።

የድሮ ታክሲ ነጂ

ልጆች፣ እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ነበርኩ። ከሪፖርት በኋላ አይቪው ሁሌ ይወድቃል ብዬ ሻጭ ሆንኩ። ኮሉንም፣ የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ፑቱንም ሸጥኩ፤ ለሁለቱ 7 ዶላር ተቀበልኩ፣ አክሲዮኑ 100 አካባቢ። አምስት ሩብ ዓመት ተከታትሎ አተረፍኩ። በስድስተኛው በአንድ ሌሊት 18 ዶላር ወረደ። በሪፖርቱ ማታ የአክሲዮኑ ኦፕሽን ገበያ ዝግ ነው፤ ጠዋት 9:30 እስኪከፈት ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነበር። በአንድ ውል 1,100፣ ሦስት ውል ነበረኝ። የአምስቱን ትርፍ ጠርጎ ሄደ። አይቪው ጠዋት ወድቋል፣ እንደተጠበቀው! ምን ይጠቅመኛል?

ቆቁ

ጋሼ፣ ያመናል። ግን 71 ከ32 ጋር ሲወዳደር ውድ ነው ማለት አይደለም እንዴ? ሁሉም ቪዲዮ ላይ አይቪ ከሂስቶሪካል ሲበልጥ ሽጥ ነው የሚሉት።

አባ ስሌት

32ቱ ውስጥ የሪፖርት ሌሊት የለም። 71ዱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር የጾም ቀን ወጪን ከፋሲካ ወጪ ጋር ማወዳደር ነው። ተቃራኒውም ወጥመድ አለ። ትልቅ ዝላይ ካለፈ በኋላ ያቺ ቀን በ30 ቀኑ ሂስቶሪካል ውስጥ ትቀመጣለች። 9 በመቶ ቢዘል ሂስቶሪካሉ 40 አካባቢ ይወጣል፣ አይቪው ግን 32 ነው። «ረከሰ» ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። ከ30 የገበያ ቀናት በኋላ ያቺ ቀን ስትወጣ ሂስቶሪካሉ በአንድ ጠዋት ወደ 32 ይመለሳል፤ አክሲዮኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

የሚወዳደረው ያቺ 8 ከራሱ ከኩባንያው ያለፉ የሪፖርት ሌሊቶች ጋር ነው።

ጀማሪው

አሁን አወጣሁት። ያለፉት ስምንት ሪፖርቶች፣ ወደላይም ይሁን ወደታች፦ 3፣ 11፣ 5፣ 6፣ 2፣ 9፣ 4፣ 7። አማካዩ 5.9 ነው። ከ8 ያንሳል። ስለዚህ ውድ ገዝቻለሁ ማለት ነው?

አባ ስሌት

8 በቀጥታ ከአማካይ ጋር አይገናኝም፤ በ0.8 አባዛው፣ 6.4 ይሆናል። 5.9 ከ6.4 ጋር፤ ትንሽ ውድ ይመስላል። ግን ስምንት ቁጥር ነው። ያቺን 11 ብቻ ብታወጣት አማካዩ 5.1 ይሆናል። አንድ ሌሊት ይህን ያህል ካወዛወዘው፣ በእሱ ላይ ተማምኜ አልገዛም፣ አልሸጥምም። ጋሼም አምስቱን ቆጥረው ነበር።

የዴንቨር ልጅ

እኔ ግን በእነዚህ ቁጥሮች እሸጣለሁ።

ጀማሪው

ግን ወደላይ እንደሚሄድ ካመንኩ ምንም መንገድ የለም?

አባ ስሌት

የ100ውን ኮል ገዝተህ የ105ቱን አብረህ ብትሸጥ ኖሮ ለ105ቱ 1.60 ይሰጡህ ነበር። ስለዚህ የምትከፍለው 2 ዶላር ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሸጥከውም አይቪው ወድቆበታል፣ ወደ 0.55 ወርዷል። የሁለቱ ልዩነት 2.25። በዚያው የ102 አከፋፈት 80 ዶላር ከምትከስር ወደ 25 ዶላር ታተርፍ ነበር። ዋጋው ግን አለው፤ አክሲዮኑ 112 ቢገባ ብቻውን የያዝከው ኮል 12 ዶላር ሲሆን ያንተ ከ5 አያልፍም።

ጀማሪው

አስፈሪው 112 አይደለም ለእኔ። የሚቀጥለውን ሪፖርት ሳልገዛ በወረቀት እሞክረዋለሁ፣ ቁጥሮቹን እዚሁ አመጣለሁ።