ኤፍአይአር ፊልተሬ ድምፁ ከፍ ሲል ለምን ይንጫጫል?

ጀማሪ ቺፕ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ በቬሪሎግ ባለ 16 ታፕ ሎው-ፓስ ኤፍአይአር ሠርቻለሁ። ግብዓቱ 16 ቢት ነው። ኮኤፊሸንቶቹን ከፓይተን አውጥቼ በ32768 አባዛኋቸውና ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋኋቸው። ትንሽ ሳይን ሳስገባ አሪፍ ነው፣ ድምፁ ሲጮህ ግን ጫፉ ላይ ቷ ቷ ይላል። ጸጥታ ላይም ውጤቱ 0 እና −1 መሀል ይዋልላል፣ አማካዩ ሁሌ ከዜሮ በታች ነው። ምን አጠፋሁ?

```verilog
reg signed [31:0] acc;
assign y = acc[30:15];
```

ሽቦ ነካኪ፦ አኪሙሌተርህ ጠቦሃል ወንድሜ። 16 በ16 ሲባዛ 32 ቢት ነው፣ 16 ጊዜ ስትደምር ሌላ 4 ቢት ይፈልጋል። 36 አድርገው። እያንዳንዱ ድምር ላይም ሳቹሬት አድርግ፣ ትገላገላለህ።

ጊታሩ፦ ኧረ የማይክህን ጌይን ቀንስ! እኔም ቤት ስቀዳ እንዲሁ ሲያደርገኝ ነበር።

ጀማሪ ቺፕ፦ 36 አደረግኩት፣ ያው ነው። ጌይኑን በግማሽ ስቀንስ ቷ ቷው ይጠፋል፣ ግን እንደዚያ አድርጌ ማስረከብ አልፈልግም።

ጋሽ ቢት፦ 36 ቢት ኮኤፊሸንቶቹን ለማያውቅ ሰው ጥሩ ጥንቃቄ ነው። አንተ ግን ታውቃቸዋለህ። የመቀነስ ምልክታቸውን እየጣልክ ደምራቸውና ስንት እንደመጣ ንገረኝ።

ጀማሪ ቺፕ፦ 45,000 ጋሼ። ምልክታቸውን ሳልጥል ስደምር ግን ልክ 32768 ነው።

ጋሽ ቢት፦ በቃ፣ ችግርህ እሱ ነው። 32768 ማለት ለማይለዋወጥ ግብዓት ጌይኑ 1 ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ የሚሞላ አይመስልህም። ግን የግብዓቱ ምልክት ከኮኤፊሸንቶቹ ምልክት ጋር ሲገጣጠም ውጤቱ እስከ 1.37 እጥፍ ይሄዳል። 32767 የነበረው ወደ 44,998 ይደርሳል ማለት ነው። አንተ 16 ቢት ብቻ ስለምትቆርጥ ይገለበጥና −20538 ሆኖ ይወጣል። ቷ የሚለው ይህ ዝላይ ነው። አኪሙሌተሩ ጋ ግን ምንም የለም፦ 45,000 በ32768 ሲባዛ ወደ 1.47 ቢሊዮን ነው፣ 32 ቢት ደግሞ ከ2.1 ቢሊዮን በላይ ይችላል።

በየድምሩ ሳቹሬት ማድረጉን ተወው። የቱስ ኮምፕሊመንት ጥሩ ጠባይ መሀል ላይ ቢገለበጥ እንኳ የመጨረሻው ድምር እስከገባ ድረስ ተመልሶ መስተካከሉ ነው። መሀል ላይ ከገደብከው ግን ያጣኸውን አታገኘውም። አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ገድበው።

−1ዱ ሌላ ነገር ነው። ዝቅተኛ ቢቶችን ዝም ብሎ መቁረጥ ሁሌ ወደ ታች ነው የሚያጠጋጋው፣ −0.1ም −1 ይሆናል። በአማካይ የግማሽ ቢት ዝቅታ ይተውልሃል። ከመቁረጥህ በፊት ግማሹን ደምርበት፦

```verilog
wire signed [31:0] r = (acc + 32'sd16384) >>> 15;
assign y = (r >  32'sd32767) ? 16'sh7FFF :
           (r < -32'sd32768) ? 16'sh8000 : r[15:0];
```

ልክ ግማሽ ላይ ያረፈው ሁሌ ወደ ላይ ስለሚሄድ ይህም ትንሽ ያዘነብላል፣ ግን 15 ቢት ስትጥል አይታይም። ሁለት ሦስት ቢት ብቻ የምትጥል ቢሆን ወደ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ማጠጋጋት ይሻልህ ነበር።

ሳቹሬሽን ካልፈለግክ ኮኤፊሸንቶቹን በ1.38 አካፍላቸው፣ 2.8 ዴሲቤል ገደማ ታጣለህ። እኔ ግን ለድምፅ ሳቹሬሽኑን እመርጣለሁ፣ ያ ክፉ ግጥምጥሞሽ ሙዚቃ ላይ ብዙ አይመጣም።

ጀማሪ ቺፕ፦ ጋሼ አሁን ባሰበት! የሞገዱ የታችኛው ግማሽ በሙሉ 32767 ላይ ተለጥፏል።

```verilog
wire signed [31:0] r = (acc + 32'h4000) >>> 15;
```

እቴ አርቲኤል፦ `s`ን በላሃት። `32'h4000` ምልክት አልባ ነው፣ አንድ ምልክት አልባ ከገባ ደግሞ የቀኙ ስሌት በሙሉ ምልክት አልባ ይሆናል። በግራ በኩል `signed` ብትልም አያድንህም። `>>>` ከላይ ዜሮ ይሞላል፣ አሉታዊው ከ65,536 በላይ ሆኖ ይመጣና ሳቹሬሽኑ 32767 ላይ ይቸነክረዋል። `32'sh4000` በለው። እኔ በዚህች ፊደል ሁለት ቀን አልቅሻለሁ።

ጀማሪ ቺፕ፦ ሠራ! ቷ ቷው የለም፣ አማካዩም ዜሮ ላይ ተቀመጠ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዶሮ ማነቂያ፦ በመሀል ልግባ። የኔ ሁለተኛ ደረጃ አይአይአር ነው። ግብዓቱን ዜሮ ሳደርገው ውጤቱ አይሞትም፣ ከዜሮ ፈቀቅ ብሎ ይቀራል። ጋሽ ቢት እንዳሉት ግማሽ እየደመርኩ ነው።

ጋሽ ቢት፦ ያንተ ይለያል። የተጠጋጋው ቁጥር ተመልሶ ይገባል፣ ስህተቱ ራሱን ይቀልባል። ውስጥ ለሚዞረው ቁጥር ተጨማሪ ዝቅተኛ ቢቶች ስጠው፣ 16ቱን መውጫው ላይ ብቻ ቁረጥ።

ሽቦ ነካኪ፦ ወይም ወደ ዜሮ ቁረጠው፣ የኔ በዚያ ነው የሞተልኝ።

ጋሽ ቢት፦ ይሞታል፣ ግን ኖይዙ ይጨምራል። ደግሞ ሁሉም መዋቅር ላይ አይሠራም። ኮኤፊሸንቶችህን ለጥፋቸው፣ ፖሎቹ ለዩኒት ሰርክሉ ምን ያህል እንደቀረቡ ሳላይ አልፈርድም።

ዶሮ ማነቂያ፦ ፋይሉ ላብ ነው ያለው፣ ሰኞ እለጥፋለሁ።